ቱ ድሯ ወይስ አ ድሯት?

ፓሪስ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን መንገድ ያሳተችኝ አንዲት «ት» ናት። የምሄድበትን ስፍራ ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበርና ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ለቆሙ አሮጊት አሳየኋቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው አነበቡና «ቱ ድሯ፣ ቱ ድሯ» አሉኝ። አመስግኜ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ገና ሃያ እርምጃ ሳልሄድ «ኖን፣ ኖን!» እያሉ ሲጠሩኝ ሰማሁ። ዞር ስል ክንዳቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ዋናውን ጎዳና ያሳዩኛል። ያሉኝ ለካ «ቀጥ ብለው ይሂዱ» ነበር። ቀኝ «ድሯት» ነው፤ ቀጥታ ደግሞ «ድሯ»።

ትኬት የመግዛትና መንገድ የመጠየቅ ንግግር ከጀማሪ ፈረንሳይኛ መጽሐፍ አይቀርም። አውሮፕላን ማረፊያ ከመድረሱ በፊት ሰው ሁሉ ይሸመድደዋል። የጠያቂው ድርሻ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፤ በአንድ ማታ ይያዛል። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። መላሹ መጽሐፉን አላነበበም፤ በራሱ ፍጥነት ይናገራል፣ ቃል ከቃል ያጋጥማል፣ የቃላቱን ጭራ ይውጣል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ጀማሪዎችን ሳስተምር ከጥያቄው ይልቅ መልሱ ላይ ብዙ ጊዜ የምወስደው ለዚህ ነው። እዚህም እንደዚያው ላድርግና አንድ እውነተኛ ጉዞ ይዤ ልነሳ። መነሻው የሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያ በ96 ቁጥር አውቶቡስ «ኦቴል ደ ቪል» እንወርዳለን፤ ቀሪውን በእግራችን ሄደን ኖትር ዳም ካቴድራል እንገባለን።

ፈረንሳይኛውን የምጽፈው በፊደላችን ነው፤ ለዚህ ጉዞ ደግሞ ፊደላችን ከሚገመተው በላይ ይረዳል። ፈረንሳዮች «ዋ» የሚለውን ድምፅ ከፊቱ ካለው ተነባቢ ጋር አጣብቀው ያወጡታል። የላቲን ፊደል ያንን ለመጻፍ ሁለት አናባቢ ይደረድራል፤ እኛ ሯ፣ ሟ፣ ሏ፣ ቷ ብለን በአንድ ፊደል እንጨርሰዋለን። «ዥ»ም ከእኛ ዘንድ አለች። የማይመቹን ድምፆች ሌሎች ናቸው፤ እነሱን በመንገዳችን ላይ እናገኛቸዋለን።

ትኬት መሸጫው መስኮት ጋ ደርሰናል። እዚህ የመጀመሪያው ቃል ትኬት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሰላም ሳይሉ «ሁለት ትኬት» ማለት ፈረንሳይ ውስጥ እንደ ስድብ ባይቆጠርም ፊት ያስጠቁራል። ጤና ይስጥልኝ ሳይል ወደ ጉዳዩ የገባን ሰው እኛም የምናይበት ዓይን አለን። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

— ቦንዡር ማዳም። ዠ ቩድሬ ደ ቲኬ ደ ቡስ፣ ሲል ቩ ፕሌ። (ጤና ይስጥልኝ እመቤት። ሁለት የአውቶቡስ ትኬት ፈልጌ ነበር፣ እባክዎ።)

— ቦንዡር ሙስዬ። ቩዛቬ ኧን ፓስ ናቪጎ? (ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። የናቪጎ ካርድ አለዎት?)

— ኖን፣ ማዳም። (የለኝም።)

— አሎር፣ አቬክ ላ ካርት፣ ሳ ፌ ሲዘሮ። (እንግዲያው ከነካርዱ ስድስት ዩሮ ይሆናል።)

«ዠ ቩድሬ» የሚለውን የትርጉም መጽሐፎች «እፈልጋለሁ» ብለው ያልፉታል፤ ልክ አይደለም። «እፈልጋለሁ» በፈረንሳይኛ «ዠ ቩ» ነው፤ ለባለሱቅ ሲባል ይከብዳል። «ዠ ቩድሬ» ለስለስ ያለው መልኩ ነው። እኛም ሱቅ ገብተን ጨዋ ለመሆን ስንፈልግ ግሡን ወደ ኋላ መለስ እናደርግና «አንድ ኪሎ ስኳር ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ አሁንም እየፈለግን። ይህን ያስተዋለ ተማሪ «ዠ ቩድሬን» ዳግመኛ አይረሳም። «ቩ» ደግሞ የእኛ «እርስዎ» ነው። ለማያውቁት ሰው፣ በዕድሜ ቢያንስም፣ «ቩ» ይባላል። «አንተ» እና «አንቺ» የሚለው «ቱ» ለልጅ፣ ለጓደኛና ለቤተሰብ ነው። አንተና እርስዎን ለይቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

«ቲኬ» ላይ ልብ በሉ። እኛ ትኬት ብለን መጨረሻዋን «ት» እናሰማለን፤ ፈረንሳዮች ይጽፏታል እንጂ አይሏትም። ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል መጨረሻው ላይ የሚጻፍ ግን የማይነበብ ተነባቢ ይሸከማል። ተከታዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ግን ብዙ ጊዜ ያ የተደበቀ ድምፅ ይነሳና ሁለቱን ቃላት ይሰፋቸዋል። «ቩ» እና «አቬ» ተገናኝተው «ቩዛቬ» የሆኑት በዚህ ነው። ዋጋ ሲነገር ጆሮን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ዩሮ በፈረንሳይኛ «ኧሮ» ነው። ሁለት «ደ» ነው። ሁለት ዩሮ ግን «ደ ኧሮ» አይባልም፤ «ደዘሮ» ይሆናል። ስድስት ብቻውን ሲቆም «ሲስ» ነው፤ ስድስት ትኬት ሲባል ጭራው ይቆረጥና «ሲ ቲኬ»፤ ስድስት ዩሮ ሲሆን ደግሞ «ሲዘሮ»። አንዱ ቁጥር ሦስት መልክ አለው። ተማሪ «ሲስ»ን ሸምድዶ መስኮቱ ጋ ሲቆም የሚሰማው «ሲዘሮ» የሚባል አንድ የማያውቀው ቃል ነው፤ በውስጡ ዩሮ እንዳለ እንኳ አይጠረጥርም። ስለዚህ ዋጋዎችን ነጠላ ቁጥር አድርጎ ሳይሆን ከዩሮው ጋር አጣብቆ መልመድ ያዋጣል፦ ደዘሮ፣ ትሯዘሮ፣ ካትረሮ፣ ሳንከሮ፣ ሲዘሮ።

ስድስት ዩሮው ከየት መጣ? ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስና አካባቢው የትኬት አይነቱን ቀለል አድርገው አንዱን ለሜትሮና ለባቡር፣ ሌላውን ለአውቶቡስና ለትራም ለይተዋል። በዚያ ዓመት የሜትሮው 2.50፣ የአውቶቡሱ 2 ዩሮ ነበር። ትኬቱ የሚሞላበት «ናቪጎ ኢዚ» የተባለው ካርድ ራሱ ያኔ 2 ዩሮ ነበር። ካርዱና ሁለት የአውቶቡስ ትኬት አንድ ላይ ስድስት ዩሮ መጡ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። ዋጋው ጥር ሲገባ ሊስተካከል ስለሚችል መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማየት ነው። ሁለት ነገር ግን ሰው ይሳሳታል። አንደኛ፣ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ መሳፈር አይችሉም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ የአውቶቡሱ ትኬት ሜትሮ ውስጥ አያስገባም። በአንዱ ትኬት ለአንድ ሰዓት ተኩል ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ወይም ወደ ትራም መቀያየር ይቻላል፤ ወደ ሜትሮ ግን አይቻልም። ስለዚህ «ቲኬ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ደ ቡስ» የሚለው መከተል አለበት።

«ቡስ» ስል ፊደላችን ያልቻለውን ድምፅ ነካሁ። እዚህ ያለው አናባቢ የእኛ «ኡ» አይደለም። ከንፈርን «ኡ» እንደሚሉ አሞጥሙጦ በዚያው ሳሉ «ኢ» ማለት ነው። መስታወት ፊት ቆሞ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከንፈሩ ከተላቀቀ «ቢስ» ይሆናል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ከሸሸ «ቡስ» ይሆናል። ቀድሞ ያነሳኋት «አንተ» የሚለዋ «ቱ» በዚህ በሞጥሟጣ ድምፅ ናት። «ቱ ድሯ» ላይ ያለችዋ «ቱ» ግን የእኛው «ቱ» ናት። በፊደላችን አንድ ናቸው፣ በፈረንሳይ ጆሮ ሁለት።

ከመስኮቱ ከመለየታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል፦

— ኡ ኤ ላሬ ዱ ካትር ቫን ሴዝ? (የ96 ፌርማታ የት ነው?)

ፌርማታ «አሬ» ነው። ካትር ቫን ሴዝ ቃል በቃል ሲፈታ «አራት ሃያ፣ አሥራ ስድስት» ማለት ነው። አራት ጊዜ ሃያ ሰማንያ፣ አሥራ ስድስት ሲጨመር ዘጠና ስድስት። ፈረንሳዮች ከሰባ በላይ ሲቆጥሩ ለሰባና ለዘጠና የራሳቸው ቃል የላቸውም፤ ሰባን «ስልሳ አሥር»፣ ዘጠናን «አራት ሃያ አሥር» ይሏቸዋል። የአውቶቡስ ቁጥር ሲሰማ ይህ አደገኛ ነው። «ካትር ቫን» የሚለውን ሰምቶ ሰማንያ ብሎ ጆሮውን የዘጋ ሰው 86ና 96ን ይቀላቅላል፦ የመጀመሪያው «ካትር ቫን ሲስ» ነው፣ ሁለተኛው «ካትር ቫን ሴዝ»። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ነው። ጄኔቭ ወይም ብራስልስ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ «ኖናንት ሲስ» ሲባል ሊሰማ ይችላል። ስዊሶችና ቤልጂጎች ዘጠናን በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ ፓሪስ ውስጥ ግን ያ አይባልም። ቁጥሩ ከጠፋብዎ «ቩ ፑቬ ሌክሪር?» ይበሉ፤ «ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ማለት ነው።

«ቫን» መጨረሻ ላይ የጻፍኳት «ን»ም የይስሙላ ናት። ምላስ ጥርስን ሳይነካ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። አፍንጫቸውን ይዘው «ቫን» ቢሉና ድምፁ ቢታፈን ልክ ነው፤ በአፍንጫ እየወጣ ነው ማለት ነው። «ፖን»፣ ድልድይ፣ ላይም እንዲሁ።

አውቶቡሱ መጣ። በፊት በር ገብተን ሹፌሩን «ቦንዡር» እንላለን። ሹፌር የሚለው ቃላችን ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የጂቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ ቃል ይዞ መጥቷል። ለገሃር የምንለው ሰፈር «ላ ጋር» ነው፣ «ባቡር ጣቢያው»። ፊቱ ላይ ያለችው «ላ» አንስታይ ጾታን የምታመለክት መስተአምር ናት። «ጋር» በፈረንሳይኛ ሴት መሆኗን ልጆቻችን ሳያውቁ በሰፈር ስም ይዘውታል። ተማሪዎቼ «ለ» እና «ላ» ሲምታታባቸው ለገሃርን አስታውሳቸዋለሁ።

ካርዱን ማንበቢያው ላይ እናስጠጋለን፤ አረንጓዴ በርቶ ድምፅ ካሰማ ተቆጥሯል። አውቶቡስ በተቀየረ ቁጥር፣ ትኬቱ ገና ቢሠራም፣ እንደገና ማስጠጋት ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚያየው ይህንን ነው።

መውረዱ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ይቀለዋል። ፈረንሳዮችም ከአውቶቡስ «ይወርዳሉ»፤ ግሡ ከደረጃ መውረድና ከተራራ መውረድ የሚባልበት ያው «ዴሳንድር» ነው። እኛ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብለን ድምፃችንን እናሰማለን፤ እዚያ ዝም ብለው ቀዩን ቁልፍ ይጫኑታል። ወዲያው ከፊት ያለው ሰሌዳ ARRÊT DEMANDÉ ይላል፤ «አሬ ደማንዴ»፣ ፌርማታ ተጠይቋል። ሰው ሲበዛና በሩ ጋ ቆመው ሳለ ከኋላዎ አንድ ሰው «ቩ ዴሳንዴ?» ሊልዎ ይችላል። «ይወርዳሉ?» ማለት ነው፤ ካልወረዱ መንገድ እንዲለቁለት ነው የሚጠይቅዎ። «ዊ» ወይም «ኖን፣ አሌዚ» ብሎ ጠጋ ማለት ነው፤ «አይ፣ ይለፉ» እንደማለት።

የምንወርድበት «ኦቴል ደ ቪል» ብዙ የሀገሬን ሰው ግር ያሰኛል። «ኦቴል» ሆቴል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የሚያድርበትን ቤት ሊፈልግ ይነሳል። ነገር ግን «ኦቴል» በድሮው ፈረንሳይኛ ትልቅ ቤት፣ የሹማምንት መኖሪያ ማለትም ነው። «ኦቴል ደ ቪል» የከተማው አዳራሽ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ በመንገዳችን ላይ «ኦቴል ዲዩ» የሚባል አለ፤ ስሙ ቢተረጎም «የእግዚአብሔር ቤት» ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን ሆስፒታል ነው።

ከአውቶቡሱ ወርደን አደባባዩ ላይ ቆመናል። ቸኩሎ የማይሄድ ሰው መርጠን እንጠይቅ፦

— ኤክስኩዜ ሟ ሙስዬ፣ ፑር አሌ አ ኖትር ዳም፣ ሲል ቩ ፕሌ? (ይቅርታ ጌታዬ፣ ወደ ኖትር ዳም ለመሄድ፣ እባክዎ?)

— ሴ ትሬ ሳምፕል። ቩ ትራቬርሴ ለ ፖን፣ ቩ ኮንቲኑዌ ቱ ድሯ፣ ሩ ዳርኮል፣ ኤ ላ ካቴድራል ኤታ ጎሽ። (በጣም ቀላል ነው። ድልድዩን ይሻገራሉ፤ በአርኮል መንገድ ቀጥ ብለው ይቀጥላሉ፤ ካቴድራሉ በስተግራ ነው።)

— ሴ ሏን? (ሩቅ ነው?)

— ኖን፣ ሳንክ ሚኑት አ ፕዬ። (አይደለም፣ በእግር አምስት ደቂቃ።)

ጥያቄው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዳልሆነ አያችሁ? «ፑር አሌ አ» ብሎ የቦታውን ስም መጨመር ብቻ በቂ ነው። «የት ነው፣ እንዴት እሄዳለሁ» ብሎ ግስ ማርባት አያስፈልግም። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው እንዲህ ነው የሚጠይቁት።

መልሱን ስንሰማ ማደን ያለብን ሦስት ቃላትን ነው፦ «ቱ ድሯ»፣ «አ ድሯት»፣ «አ ጎሽ»። ግራ የሚለው «ጎሽ» ከሌላው ጋር አይምታታም፤ ከዱሩ አውሬ ጋር ካልሆነ በቀር። ጣጣው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። መለያ ምልክቱ ሁለት ነው። አንደኛው መጨረሻ ላይ የምትሰማው «ት» ናት፤ ከተሰማች ቀኝ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የምተማመንበት የፊቱ ቃል ነው። ከፊቱ «ቱ» ካለ ቀጥታ ነው፤ «አ» ካለ መታጠፊያ ነው። ሰውየው ፈጠን ብሎ የመጨረሻዋን «ት» ቢያሳንሳት እንኳ የፊቱ ቃል አይሰወርም። በፓሪስ የመጀመሪያ ቀኔ አሮጊቷ «ቱ» ብለውኝ ነበር፤ ሁለቴ። እኔ ግን ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነበር የያዝኩት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሰሙትን መልሶ ማለት ነው። «አሎር፣ ለ ፖን፣ ኤ ቱ ድሯ?» ብለው ይጠይቁ። ልክ ከሆነ «ሴ ሳ» ይልዎታል፤ «እሱ ነው» ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በእጁ እያመለከተ፣ ይደግምልዎታል። «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ሲባል ሰው ያንኑ ነገር በዚያው ፍጥነት ይደግማል፤ የሰሙትን ሲመልሱለት ግን የጎደለውን ብቻ ያርማል። በክፍሌ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለማመዱ መላሹን ሆን ብሎ አንዴ እንዲሳሳት አደርገዋለሁ። ስህተቱን የሚይዘው መልሶ ያለው ተማሪ ነው።

እኛ አዲስ አበባ ላይ መንገድ ስንጠቁም ቤተ ክርስቲያን፣ ፋርማሲ፣ ቀይ በር እንላለን። ፓሪሱ ሰው የመንገድ ስም ይሰጣል። «ሩ ዳርኮል» ሲልዎ ቀና ብለው የሕንፃውን ጥግ ይዩ። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በነጭ ጽሑፍ የመንገዱ ስም አለ፤ ከላዩ ደግሞ የወረዳው ቁጥር። «ሩ» መንገድ ማለት ነው፤ አናባቢዋ ያች ሞጥሟጣዋ ናት። «አርኮል» በአናባቢ ስለጀመረ ከፊቱ ያለችው «ደ» ተዋጠችና «ዳርኮል» ሆነ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የሚፈልጉት ስም በ«ዳ» ሳይሆን በ«አ» ይጀምራል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ካርታ ላይ «ዳርኮል» እያለ ሲፈልግ ይውላል።

ሁለተኛ ጊዜ ፓሪስ ስሄድ ይህንኑ ጉዞ አድርጌዋለሁ። ድልድዩ አፍ ላይ ውሻ ይዞ የቆመ ሰው ጠየቅሁ። «ቱ ድሯ» አለኝ። «ት» አልነበረችም። «ቱ ድሯ?» ብዬ መለስኩለት። «ሴ ሳ» አለኝና ውሻውን ሳብ አድርጎ ሄደ። ሴን ወንዝን ተሻገርኩ። የአርኮልን ሰሌዳ ከግድግዳው ላይ አየሁት፤ በቀኜ ኦቴል ዲዩ አለፈ። መንገዱ ሲያልቅ ሰፊ አደባባይ ተከፈተ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ዳግም የተከፈተው ካቴድራል ከሁለት ማማዎቹ ጋር በግራዬ ቆሟል፣ አ ጎሽ።